አጥፊው ያለኝ ምኑን ነው?

ወንድሜ ሙስዓብ የድምፅ መልእክት ሲልክ ሐሳቡን ጨርሶ አያውቅም። ጅዳ ከሄደ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። ግማሹን ይውጠውና ግማሹን ይልክልኛል፤ የቀረውን እኔ እንድገምት ነው። እኔ ደግሞ ገማች አይደለሁም፤ ሰው የተናገረውን ነው የምሰማው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስካሁን ግልጽ አልሆነልኝም። ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ጌም ቤታችን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከደሴ ወልዲያ መንገድ ገባ ብላ ከባጃጅ ተራው ጀርባ ናት። ሁለት ፕሌይስቴሽን አለን። አንደኛው በሲዲ የሚሠራ ነው፤ ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት በእሱ ነው። ሁለተኛው የሙስዓብ ነው። እሱ ላይ ያሉት ጌሞች በሲዲ የመጡ ሳይሆኑ በኢንተርኔት፣ በሙስዓብ አካውንት የተገዙ ናቸው። ከመሄዱ በፊት ያንን ማሽን የአካውንቱ ዋና ማሽን አድርጎ መዝግቦታል። ስለዚህ ሌላ ሰው በራሱ ፕሮፋይል ቢገባ እንኳ የሙስዓብን ጌሞች መጫወት ይችላል። ጅዳ ሲደርስ ለራሱ ሌላ ማሽን ገዝቶ በዚያው አካውንት መጫወቱን ቀጠለ። አንድ አካውንት፣ ሁለት አገር። ይህ ነገር አንድ ቀን ሳያጣላን እንደማይቀር መጠርጠር ነበረብኝ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ተማሪዎቹ ወጥተውልኝ ስጠርግ መልእክቱ መጣ። «ሰሚ፣ ዛሬ ልገባበት ነው። እዛ ያለውን የኔን አጥፊው። ባለፈው ረስተሽ...» ከዚያ የከባድ መኪና ጡሩምባ። ከጡሩምባው በኋላ «...አደራ፣ ሳታጠፊው እንዳትሄጂ» ብሎ ዘጋ።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ትረዱ ነበር? ከአንድ ወር በፊት መሪማ የምትባል ልጅ እንደታጨችለት ሲነግረኝ «ኒካህ ካሰርኩ ጌም በቃኝ፣ አካውንቱንም አጠፋዋለሁ» ብሎኛል፤ በገዛ አፉ። ስለዚህ «ልገባበት ነው» ሲል ትዳሩን፣ «የኔን አጥፊው» ሲል ፕሮፋይሉን፣ «ባለፈው ረስተሽ» ሲል ደግሞ ያኔ ነግሬሽ ችላ አልሽኝ ማለቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ልጁ ቆረጠ ማለት ነው አልኩ።

እኔ ሥራ ስሠራ በደንቡ ነው። ሰው ዝም ብሎ እየነካካ ማሽን የሚያበላሸው ያናድደኛል። በስልኬ ኢንተርኔት ማሽኑን አገናኘሁ፣ በሙስዓብ ፕሮፋይል ገባሁ፣ መጀመሪያ የአካውንቱ ዋና ማሽን መሆኑን ሰረዝኩ። ከዚያ ተጠቃሚዎች የተዘረዘሩበት ቦታ ሄጄ ፎቶው ላይ ቆምኩ። ዓሣ ይዞ የሚስቅበት ፎቶ ነው፤ ሐይቁ ዳር የተነሣው። አጥፋ የሚለውን ስጫን ማሽኑ አስጠነቀቀኝ፤ የዚህ ተጠቃሚ የተቀመጡ ጨዋታዎች አብረው ይጠፋሉ፣ ልቀጥል ወይ አለኝ። የሙስዓብ ጨዋታ ለሙስዓብ ካልጠቀመ ለማን ሊጠቅም ነው ብዬ ቀጥል አልኩት። ፎቶው ጠፋ። ሶኬቱን ነቅዬ፣ በሩን ቆልፌ፣ «አጥፍቼዋለሁ፣ አላህ ይጨምርልህ» ብዬ ጻፍኩለትና ወደ ቤት ገባሁ። እሱም «ጀዛኪላህ» አለኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አመስግኖኛል።

በማግሥቱ ጁምዓ ነው። ጠዋት ጠዋት ጌም ቤቱን የሚከፍቱት አባቴ ናቸው። ኑርዬ ይባላሉ። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ከሐይቁ በላይ ያለችውን መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተው ቁጭ ብለው ነበር። ገበሬ ቁጭ ሲል እንዴት እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። በሰበብ አስባቡ ይቆጣሉ፤ ወጡ ጨው የለውም፣ በሩ ይጮሃል፣ ጎረቤቱ አይጠይቅም። ሙስዓብ ነው ሊሄድ አካባቢ የእርሻ ጌም ያስለመዳቸው። በመጀመሪያ «የልጅ ጨዋታ» ብለው አፊዘው ነበር። ኋላ ተማሪው ትምህርት ቤት በሚሆንበት ሰዓት ቤቱን ከፍተው፣ ቢስሚላህ ብለው ጆይስቲኩን ጨብጠው፣ በትራክተር ማረስ፣ መዝራት፣ ማጨድ ሆነ ሥራቸው።

«ይሄ አገር ዋግ የለበት፣ ወፍ የለበት፣ እኩል አራሹም አይሰርቅ» ይላሉ።

«አባ፣ ምርቱ ቤት የሚገባው መቼ ነው?» እላቸዋለሁ።

«አንቺ ስታገቢ። ለድግስሽ አስቀምጬዋለሁ» ይሉኛል። እንዲህ እየተባባልን ሁለት ዓመት ሆነን። ከአንዲት ማሳ ተነሥተው ኮረብታውን ሁሉ ያዙት፤ ከብት አረቡ፣ ጎተራ ሠሩ። እውነቱን ለመናገር ቤታችን ሰላም ያገኘው በዚያ ማሳ ነው።

በዚያ ጁምዓ ግን ገና ረፋዱ ላይ ተመለሱ። ደጃፉ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አልገቡም።

«ሰሚሃ፣ ያን ማሽን ሳላጠፋው አልቀረሁም» አሉኝ።

«ታዲያ ያብሩታ፣ አባ።»

«በርቷል።»

«ከበራ ምኑ ነው የጠፋው?»

«በርቶ ነው የጠፋው» አሉ። ግራ የገባቸው ሰው ድምፅ ነው። «የልጄ ፎቶ የለም። ጠዋት ጠዋት ፎቶውን ተጭኜ አይደል የምገባ? የለም። ማሳው ያለበትን ብነካው ደግሞ የቁልፍ ሥዕል አሳየኝ። ምን እንደነካሁ አላውቅም።»

እኔ አባቴ የሚጫወቱት «ቤት» ብለን በከፈትነው ፕሮፋይል ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ደንበኞቹ ሁሉ የሚገቡት በእሱ ነውና። ለካ ሙስዓብ ሲያስተምራቸው «የኔን ፎቶ ይጫኑ» ብሏቸው ኖሯል። እሳቸው እንግሊዝኛውን አያነቡም፣ የልጃቸውን ፊት ግን ያውቁታል። ታዲያ ይህን ለእኔ ማን ይነግረኛል? ጠዋት እሳቸው ናቸው፣ ከሰዓት እኔ ነኝ፤ አብረን የቆምንበት ቀን የለም።

ምንም አልነገርኳቸውም። ወደ ጓሮ ወጥቼ ለሙስዓብ ደወልኩ።

«ወዓለይኩም አሰላም፣ ሰሚ። ትናንት ሸጋ ተጫወትን። ሁሉን አሸነፍኳቸው» አለኝ።

«ተጫወትን? አንተ ጌም ተውኩ አላልክም?»

«ተውኩ ማን አለ? ገና ነው።»

«አጥፊው አላልከኝም?»

«ብያለሁ። አሁን አብሪው።»

«ምኑን ነው የማበራው? አጥፍቼዋለሁ እኮ።»

«እሱማ አጥፍተሽዋል። አሁን አብሪው ነው የምልሽ፤ እኔ ጨርሻለሁ፣ አባም ማሳቸው ይግቡ።»

«ሙስዓብ፣ የለህም። ፕሮፋይልህን ከማሽኑ ላይ አጥፍቼዋለሁ። ዋና ማሽን መሆኑንም ሰርዤዋለሁ።»

በጣም ቀስ ብሎ «ሱብሃነላህ» አለ። «እኔ ማሽኑን አጥፊው ነው ያልኩሽ። ሶኬቱን ንቀዪው ነው ያልኩሽ። እዚያ በኔ አካውንት ክፍት ሆኖ እዚህ ስገባበት አንዱ አንዱን ያስወጣዋል። ባለፈው ረስተሽ ክፍቱን ትተሽው ጨዋታ መሃል ጥሎኝ ተሸንፌያለሁ። እሱን ነው የነገርኩሽ።»

«ማሽን የሚል ቃል ከአፍህ አልወጣም።»

«እዛ ያለውን የኔን አልኩ።»

«እኔም እዚህ ያለውን ያንተን ነው ያጠፋሁት።»

በዚህ ላይ ምን ይባላል? አማርኛችን እንዲህ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ከብት ይጠፋል፣ ስም ይጠፋል፤ የበደለም አጠፋ ይባላል። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ተሸክሞ እየሄደ፣ ሰውየው ደግሞ ከጅዳ በጡሩምባ መሃል ግማሹን ልኮልኝ፣ እኔን ለምን አልገባሽም ይለኛል።

«ቆይ፣ አካውንቱንስ አጥፍቼው ነው?» አልኩት።

«አካውንቱ አለ። ትናንት ስጫወትበት ነው ያመሸሁት።»

«እኔ አመሻሽ ላይ አጥፍቼው አንተ እንዴት ተጫወትክበት?»

«አንቺ ያጠፋሽው እዚያ ማሽን ላይ ያለውን ነው። አካውንቱ ያለው ማሽኑን የሠራው ድርጅት ጋ ነው። ያንን ለማጥፋት ባለቤቱ እኔ ለድርጅቱ አመልክቼ፣ እኔ መሆኔን አጣርተው ነው የሚዘጉት። እነሱ ከዘጉት የገዛሁት ጌም ሁሉ አብሮ ይሄዳል፣ ቢለምኗቸውም አይመለስም። ይሄ ግን እንደዚያ አይደለም። ስምና የይለፍ ቃሌን አስገብተሽ ስትገቢ የተገዛው ሁሉ ይመለሳል። ለአባ እንዳትነግሪያቸው፣ ከጁምዓ መልስ እናስተካክለዋለን።»

አልገባኝም፣ ግን አመንኩት። የጠፋ ነገር ሳይጠፋ ኖሮ ማን ይጠላል?

ከሶላት በኋላ ከአባቴ ጋር ወደ ጌም ቤቱ ሄድን። ሙስዓብን በቪዲዮ ደውዬ ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። አዲስ ተጠቃሚ ከፍቼ የሙስዓብን ኢሜይልና የይለፍ ቃል አስገባሁ። ስልኩ ላይ የመጣለትን ቁጥር አነበበልኝ፣ እሱንም ጻፍኩ። ፎቶው ዓሣውን ይዞ ብቅ አለ። አባቴ «አልሃምዱሊላህ» ብለው ከበርጩማው ብድግ አሉ። ማሽኑን መልሼ ዋና ማሽን አድርጌ ስመዘግበው ከጌሞቹ ላይ ቁልፎቹ ተነሡ። የኳሱ አለ፣ የመኪናው አለ፣ የእርሻውም አለ። ሙስዓብ በገንዘብ የገዛላቸው ትልቁ ቀይ ትራክተር እንኳ ሳይቀር ገዝተኸዋል ተብሎ ተቀምጧል። «አላልኩሽም?» አለ ሙስዓብ። እኔም ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። ይቺ ናት ጥፋት ብዬ በራሴ ሳቅሁ።

አባቴ ጆይስቲኩን ጨበጡና ማሳቸው የሚገቡባትን ቦታ ተጫኑ። ምንም የለም። አዲስ ጨዋታ ጀምር የሚል ብቻ ነው ያለው። እሱን ሲነኩት ማንም ያልነካው አገር መጣ፤ ኮረብታው ባዶ፣ ጎተራ የለ፣ ከብት የለ።

«ማሳው የታለ?» አሉ።

እኔ ሙስዓብን አየሁት። ሙስዓብ እኔን አየኝ።

«አካውንቱ አለ አላልክም?» አልኩት።

«አለ።»

«የነበረው ሁሉ ይመለሳል አላልክም?»

«የተገዛው ነው ያልኩሽ» አለ፤ ድምፁ አነሰ። «የተገዛው ድርጅቱ ጋ ተመዝግቧል። አባ ያረሱት ግን የተቀመጠው እዚያው ማሽኑ ውስጥ በኔ ፕሮፋይል ሥር ነው። ፕሮፋይሉ ሲጠፋ አብሮ ጠፍቷል።»

ይህን ነገር ደጋግሜ አሰብኩት፣ አሁንም አይዋጥልኝም። በገንዘብ የተገዛው ተቆጥሮ ሲመለስ ሁለት ዓመት የተለፋበት አይመለስም። ትራክተሩ አለ፣ ያረሰው የለም። ይህን ያሰበ ሰው ገበሬ አባት አልነበረውም እንዴ?

«ወደ ክላውድ አይወጣም ነበር?» አልኩት። እዚያ ጨዋታ በኢንተርኔት ግልባጩ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ።

ሙስዓብ ፊቱን በእጁ አሸው። «ለእሱ እየከፈልኩ ነው። ግን የዚያ ማሽን በራሱ ወደ ክላውድ መላኩን ዘግቼው ነው የሄድኩት፤ የስልክሽን ዳታ እንዳይበላብሽ ብዬ።»

እንግዲህ ፍረዱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አንዱ ለእህቱ ብሎ ዘጋው፣ አንዷ ለወንድሟ ብላ አጠፋችው።

አባቴ የምንለውን አንዱንም አልተረዱትም። ባዶውን ኮረብታ እያዩ «እኔ ነኝ አይደል ያጠፋሁት?» አሉ። «ጁምዓ ላይ እንኳ ልቤ አልተሰበሰበም፤ ምን ነክቼ ይሆን ስል ነበር።»

ያኔ እልሄ ሁሉ ሟሸሸ። ራሳቸውን ሲወቅሱ እየሰማሁ ስለ ቃል ልከራከር አልቻልኩም። «የለም አባ፣ እኔ ነኝ። ሙስዓብ ያለኝን ሳልረዳ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳቸው፤ እንባዬም መጣ። እሳቸው ግን የተናደዱ አይመስሉም ነበር። ማሳው በእሳቸው እጅ አለመጥፋቱን ሲሰሙ እንዲያውም ትንሽ ቀለል ያላቸው መሰለኝ።

«አንዴ ቆዩ» አለ ሙስዓብ ከስልኩ። «ሰሚ፣ የተቀመጡ ጨዋታዎች የሚለውን ክፈቺና ኦንላይን ያለውን እዪ። ከመሄዴ በፊት የወጣ አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም።»

ከፈትኩት። የእርሻው ጌም ስም አለ። አጠገቡ ያለው ቀን ሙስዓብ ከሐይቅ የሄደበት ቀን ነው።

«አላህ ያውቃል» አለ ሙስዓብ። «በሚቀጥለው ሳምንት አካውንቱ እንዲዘጋ ላመለክት ነበር። ጌም እንደምተው በመሪማ ቤተሰቦች ፊት ቃል ገብቻለሁ። አመልክቼ ቢሆን ይሄም ባልተገኘ ነበር።»

ወደ ማሽኑ አወረድኩት። ስልኬ እየጎተተ እየቆመ ብዙ አስጠበቀን። አባቴ በርጩማቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉ። ሲከፈት ኮረብታው አሁንም ባዶ ነው፤ ከታች ግን አንዲት ማሳ አለች፣ እኩሌታዋ የታረሰች። አሮጌው ትራክተር መሃል ማሳው ላይ፣ ትልሙ ሳያልቅ ቆሟል።

የኮረብታው ሁሉ ሲሳይ ሄዶ ይህቺ ብቻ መቅረቷ አንጀቴን በላኝ። «ምንም አይደል አባ፣ እንደገና...» ብዬ ጀመርኩ። አባቴ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ።

«ይቺን አውቃታለሁ» አሉ። «ይሄን እኩሌታ ያረሰው እሱ ነው። ‹እንዲህ ነው የሚያዘው አባ› እያለ ሲያሳየኝ ባጃጁ ውጭ ሆኖ ጠራው። ፈጠን ብሎ አንድ ሁለት ነገር ነካካና ጆይስቲኩን እጄ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ቀሪውን በማግሥቱ እኔ ነኝ የጨረስኩ።»

ሙስዓብ ከስልኩ ውስጥ ያያል። ማሳውንም ሳያየው አልቀረም፤ ስልኩ ትይዩ ነበር።

አባቴ ስልኩን ከግድግዳው ላይ አነሡት። ሙስዓብ በደወለ ቁጥር ስለ ጤናው፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ሶላቱ ይጠይቁታል። አንድ ጥያቄ ግን ጠይቀውት አያውቁም፤ እኛም አልጠየቅንም፣ እንዲጨንቀው አልፈለግንም።

«መቼ ነው የምትመጣ?» አሉት።

«ኢንሻአላህ፣ አባ።»

«ኢንሻአላህማ አለ፣ አልሃምዱሊላህ። መቼ ነው ያልኩህ።»

ሙስዓብ አልመለሰም። ፊቱ ስልኩ ላይ እንዳለ ቀጥ አለ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፤ የእኛ ሰፈር ኢንተርኔት አመሉ ነው።

«ኔትወርኩ ነው መሰለኝ፣ አባ» አልኳቸው።

«አይደለም» አሉ፣ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው። «ዓይኑ ይርገበገባል።»

ስልኩን ሳይዘጉ ጠበቁት።